ጉዳይ፣ ደንብ፣ ጥያቄ፦ በአንድ የማስታወሻ አያያዝ ሥርዓት ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ደብተር ላይ ዘወትር የሚታየው ችግር የጽሑፍ ማነስ ሳይሆን የጽሑፍ መብዛት ነው። ተማሪው መምህሩ የተናገረውን ሁሉ በተናገረበት ቅደም ተከተል ለማስፈር ይጣደፋል፤ የትምህርት ዘመኑ ሲጋመስም ሁለት ወይም ሦስት ደብተር ይሞላል። ፈተናው ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጽሑፍ እምብዛም አይረዳውም። ምክንያቱም የሕግ ፈተና የሚያቀርብለት መምህሩ በክፍል ውስጥ ያነሣውን ታሪክ ሳይሆን ተማሪው ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን አዲስ ታሪክ ነው። የሚጠየቀውም «በዚህ ነገር ላይ የትኛው ደንብ ይሠራል? ለምን?» የሚል ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት ሥርዓቶች አንዱ ማስታወሻን በሦስት ክፍል፣ ማለትም ጉዳይ፣ ደንብና ጥያቄ እያሉ መያዝ ነው። እንዲህ የተያዘ ማስታወሻ በኋላ በቀላሉ ወደ አስተዋጽኦ ይለወጣል ይባላል። አስተዋጽኦ ስንል በድርሰት ትምህርት እንደለመድነው ዋና ዋና ሐሳቦችን በቁጥርና በፊደል ደረጃ አውጥቶ የሚያሳየውን ንድፍ ማለታችን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥርዓቱ የተባለለትን ያህል ይሠራ እንደሆነ መመርመር ነው። ጸሐፊው የደረሰበት አስተያየት ሥርዓቱ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ቦታ ላይ አይገኝም የሚል ነው። በአማርኛ «መገልበጥ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንደኛው አይቶ መጻፍ፣ ሁለተኛው የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ማስታወሻን ወደ አስተዋጽኦ መለወጥ በሁለተኛው ትርጉም መገልበጥ ሲሆን፣ አብዛኛው ተማሪ የሚያደርገው ግን በመጀመሪያው ትርጉም ነው። የሥርዓቱ መሳካትም ሆነ መክሸፍ የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው።

1. ሥርዓቱ የተወለደበት ክፍል

ይህ የማስታወሻ አያያዝ ለሁሉም ዓይነት ትምህርት የተፈጠረ አይደለም። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል እ.ኤ.አ. በ1870 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ከሆነ በኋላ ባስፋፋው የጉዳይ ጥናት ዘዴ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ላንግዴል በ1871 ለውል ሕግ ትምህርት ያዘጋጀው መጽሐፍ ደንቦችን የሚያብራራ ሳይሆን የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን የሰበሰበ ነበር። ተማሪው ውሳኔውን አንብቦ ይመጣል፤ መምህሩ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ደንቡም ከውሳኔው ውስጥ ተፈልቅቆ ይወጣል።

በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል የትምህርቱ ቅደም ተከተል ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ታሪኩ ይነገራል። ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ በዚያ ታሪክ ላይ የሠራበት ደንብ ይወጣል። በመጨረሻም መምህሩ ታሪኩን በጥቂቱ እየለወጠ «እንዲህ ቢሆንስ ኖሮ?» ይላል። ሦስቱ ዓምዶች እንግዲህ በዘፈቀደ የተመረጡ ሳይሆኑ የክፍለ ጊዜውን እርምጃ የሚከተሉ ናቸው። ተማሪው መምህሩን እየተከተለ ሊጽፍ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አስተዋጽኦው ግን የሚጀምረው ከታሪክ ሳይሆን ከደንብ ነው። ደንቡ ከላይ ይቀመጣል፤ ጉዳዩ ወርዶ የደንቡ ምሳሌ ይሆናል፤ ጥያቄው ደግሞ የደንቡን ዳርቻ ያመለክታል። በክፍል ውስጥ የመጀመሪያ የነበረው በአስተዋጽኦው ውስጥ ሁለተኛ ሆነ ማለት ነው።

2. አንድ ጉዳይ በማስታወሻ ገጽ ላይ

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚሰጠው ትምህርት በሰፊው የሚነበበውን የቮስበርግና የፑትኒን ጉዳይ እንውሰድ። ጉዳዩ የተፈጸመው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ለመምህራን እንግዳ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1889 በዊስኮንሲን ግዛት በዎኪሻ ከተማ መምህሩ ተማሪዎቹን ጸጥ አሰኝቶ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የዐሥራ አራት ዓመት ጓደኛውን ቅልጥም በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ንክኪው በጣም ቀላል ስለነበረ ተመቺው ወዲያው አልተሰማውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን በኃይል ጮኸ። ልጁ ቀደም ሲል በበረዶ ላይ ሲንሸራተት በዚያው እግሩ ላይ ቆስሎ ነበር፤ ከምቱ በኋላ አጥንቱ ታመመ፣ እግሩም ከጥቅም ውጭ ሆነ። ጁሪው መቺው ጉዳት ለማድረስ እንዳላሰበ አረጋግጦ፣ ይሁን እንጂ 2,500 ዶላር ካሣ እንዲከፈል በየነ።

ጉዳዩ በይግባኝ ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1891 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ የታሰበው ድርጊት ራሱ ሕገ ወጥ ከሆነ ድርጊቱን የመፈጸም ሐሳብም ሕገ ወጥ ነው አለ። ድርጊቱ የተፈጸመው በመጫወቻ ሜዳ ላይ በልጆች ጨዋታ መካከል ቢሆን ኖሮ ሕገ ወጥ ለማለት ያመነታ እንደነበር ገለጸ፤ የተፈጸመው ግን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ጥፋተኛው በቀጥታ ለደረሰው ጉዳት ሁሉ፣ አስቀድሞ ሊገመት ቢችልም ባይችልም፣ ኃላፊ እንደሆነም ተናገረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የሥር ፍርድ ቤቱን ፍርድ ሻረ። ምክንያቱም ለሐኪሙ ምስክር የቀረበው ጥያቄ የቀድሞውን ቁስል ሳይጠቅስ በማለፉ ጉዳዩ እንደገና መሰማት ነበረበት።

ይህን የሰማ ትጉህ ተማሪ ገጹ እንዲህ ሊሆን ይገባል።

ጉዳይ፦ ቮስበርግና ፑትኒ፣ ዊስኮንሲን 1891። ትምህርት ተጀምሮ ሳለ ቀላል እርግጫ፤ የቆየ ቁስል፤ እግር ጠፋ። ለመጉዳት አላሰበም። ፍርዱ የተሻረው በማስረጃ አቀራረብ ስሕተት ነው።

ደንብ፦ (ሀ) ለመጉዳት ማሰብ አያስፈልግም፤ ያልተፈቀደውን ንክኪ ለማድረግ ማሰብ ይበቃል። (ለ) ንክኪው በቦታውና በጊዜው ልማድ የተፈቀደ ከሆነ ሕገ ወጥ ላይሆን ይችላል። (ሐ) በቀጥታ ለደረሰው ጉዳት ሁሉ፣ ባይገመትም፣ ኃላፊነት አለ።

ጥያቄ፦ በእረፍት ሰዓት በሜዳ ላይ ቢሆንስ? ደወሉ ተደውሎ መምህሩ ገና ሳይገባ ቢሆንስ? መቺው ስለ ቁስሉ ያውቅ ቢሆንስ?

በዚህ ገጽ ላይ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ታሪኩ በአራት አጭር ዐረፍተ ነገር አልቋል፤ የተመረጡትም ደንቡን የሚነኩት ፍሬ ነገሮች ብቻ ናቸው። የከተማው ስም ወይም የተማሪዎቹ አቀማመጥ ደንቡን ስለማይለውጥ አልተጻፈም። ሁለተኛ፣ ከአንድ ጉዳይ ሦስት ደንብ ወጥቷል። ሦስተኛ፣ በጥያቄው ክፍል የተጻፈው ጥያቄው ራሱ ነው፤ መልሱ አልተቸኮለበትም።

3. መገልበጥ በሁለተኛው ትርጉም

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሩ የጋራትንና የዴይሊን ጉዳይ ያነሣል እንበል። አምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር የሆነው ልጅ አንዲት ሴት ልትቀመጥበት የነበረውን ወንበር ወስዶ ራሱ ተቀመጠበት፤ ሴትዮዋ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1955 የሰጠው ደንብ ልጁ ወንበሩን ሲወስድ ሴትዮዋ ወንበሩ በነበረበት ቦታ ልትቀመጥ እንደምትሞክር በበቂ እርግጠኝነት ያውቅ ከነበረ፣ ይህ ዕውቀት እንደ ማሰብ ይቆጠራል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ይህ ዕውቀት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው እንዲጣራ ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው።

አሁን ተማሪው የሁለት ጉዳዮች ገጽ በእጁ አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ገልባጭ «1ኛ፣ ቮስበርግ፤ 2ኛ፣ ጋራት» ብሎ ማስታወሻውን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ይደግመዋል። የሁለተኛው ዓይነት ግን እንዲህ ያደርጋል።

የእጅ እልፊት

ሀ. ሐሳብ

1. ደንብ፦ ለመጉዳት ማሰብ አያስፈልግም፤ ንክኪውን ማሰብ ይበቃል። ምሳሌ፦ ቮስበርግ፣ በትምህርት ሰዓት የደረሰ እርግጫ።

2. ደንብ፦ ንክኪው እንደሚደርስ በበቂ እርግጠኝነት ማወቅ እንደ ማሰብ ይቆጠራል። ምሳሌ፦ ጋራት፣ የተወሰደው ወንበር። ዳርቻ፦ ልጁ ሴትዮዋን ባያያትስ?

ለ. ፈቃድ

ደንብ፦ በቦታውና በጊዜው ልማድ የተፈቀደ ንክኪ ሕገ ወጥ ላይሆን ይችላል። ምሳሌ፦ ቮስበርግ፣ ትምህርት በመጀመሩ ፈቃድ የለም። ዳርቻ፦ በእረፍት ሰዓት ቢሆንስ? ደወል ተደውሎ መምህሩ ሳይገባ ቢሆንስ?

ሐ. የካሣው ስፋት

ደንብ፦ በቀጥታ ለደረሰው ጉዳት ሁሉ፣ ባይገመትም። ምሳሌ፦ ቮስበርግ፣ የቆየው ቁስል።

የቮስበርግ ጉዳይ በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ መቀመጡን አንባቢ ይመለከታል። «ሐሳብ» በሚለው ርዕስ ሥር ደግሞ ከተለያየ ጊዜና ግዛት የመጡ ሁለት ጉዳዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ይህን መበተንና መሰብሰብ የሚያስችለው ማስታወሻው አስቀድሞ በሦስት መከፈሉ ነው። ታሪኩ፣ ደንቡና ጥያቄው በአንድ አንቀጽ ተደባልቀው ቢሆን ኖሮ ተማሪው መጀመሪያ መለያየት፣ ከዚያም መገልበጥ ነበረበት፤ ፈተና በቀረበበት ሳምንት ለሁለቱም ጊዜ አያገኝም።

አስተዋጽኦው መሥራቱን ለማረጋገጥ አዲስ ታሪክ ማቅረብ ይበቃል። መምህሩ በሰሌዳ ላይ በመጻፍ ላይ ሳለ አንድ ተማሪ የሚያንቀላፋ ጓደኛውን ለመቀስቀስ የጠመኔ ቁራጭ ወረወረበት፤ ጠመኔው በቅርቡ የታከመ ጆሮውን መትቶ የመስማት ችሎታውን አሳጣው እንበል። አስተዋጽኦውን የያዘ ተማሪ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ለመጉዳት አላሰበም፣ ንክኪውን ግን አስቧል፤ ሀ.1 ይሠራል። ትምህርት በመካሄድ ላይ ስለነበረ ለ አያድነውም። የጆሮው ሁኔታ ባይታወቅም በሐ መሠረት ኃላፊነቱ አይቀርም። ጠመኔው የተወረወረው ወደ ግድግዳው ሆኖ ነጥሮ ቢመታውስ? ያን ጊዜ ጥያቄው ወደ ሀ.2 ይዛወራል፤ ወርዋሪው ነጥሮ እንደሚመታ በበቂ እርግጠኝነት ያውቅ ነበርን? ጉዳዮችን በተራ የገለበጠው ተማሪ ግን በደብተሩ ውስጥ ጠመኔን ፈልጎ አያገኝም።

4. ሥርዓቱ የሚሰናከልባቸው ሦስት ቦታዎች

የመጀመሪያው እንቅፋት ውጤትንና ደንብን ማምታታት ነው። ይህ ጸሐፊ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ስለ ቮስበርግ ጉዳይ በደብተሩ የደንብ ዓምድ ላይ የጻፈው «ፍርዱ ተሽሯል፤ ስለዚህ ለመጉዳት ያላሰበ ልጅ ኃላፊ አይደለም» የሚል ነበር። ፍርዱ መሻሩ እውነት ነው፤ ከዚያ የወጣው ደንብ ግን የእውነተኛው ተቃራኒ ነው። ስሕተቱም በደብተሩ ውስጥ ተደላድሎ ቆይቶ ወደ አስተዋጽኦው፣ ከአስተዋጽኦውም ወደ ፈተናው ወረቀት ተሸጋገረ። ሦስት ዓምድ መኖሩ ከስሕተት አላዳነም፤ እንዲያውም ስሕተቱ በሥርዓት ተሰልፎ በመቀመጡ እውነት መሰለ። ለዚህ መከላከያው ውጤቱን በጉዳዩ ዓምድ መጨረሻ ላይ ከነምክንያቱ መጻፍና ወደ ደንቡ ዓምድ እንዳይሻገር መጠበቅ ነው። መምህር የተማሪውን ገጽ ሲመለከት በደንቡ ዓምድ ውስጥ «ከሳሽ ረታ»፣ «ፍርዱ ተሻረ» የሚሉ ቃላትን ካገኘ እንቅፋቱ መድረሱን ሊያውቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት የደንቡ ስፋት ነው። «ሰውን መምታት ያስጠይቃል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ደንቡን ከመጠን በላይ አስፍቶታል፤ በሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት የተራገጠውን ሁሉ ያስከስሳል። «በትምህርት ሰዓት የጓደኛውን ቅልጥም በጫማ የመታ ልጅ ይጠየቃል» ያለው ደግሞ ከመጠን በላይ አጥብቦታል፤ ጠመኔው ያመልጠዋል። ትክክለኛውን ስፋት የሚያሳየው የጥያቄው ዓምድ ነው። መምህሩ ታሪኩን ሲለውጥ መልሱ ከተለወጠ፣ የተለወጠው ፍሬ ነገር በደንቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ መልሱ ካልተለወጠ ግን ያ ፍሬ ነገር ከደንቡ ይወጣል። እርግጫው በእጅ ጥፊ ቢተካ ለውጥ የለም፤ ስለዚህ «በጫማ» የሚለው ይውጣ። የትምህርቱ ሰዓት በእረፍት ሰዓት ቢተካ ለውጥ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ የጊዜውና የቦታው ልማድ ይግባ። ይህ እንግዲህ የጥያቄው ዓምድ ትርፍ ጌጥ አለመሆኑን ያሳያል። ብዙ ተማሪዎች ግን መምህሩ «እንዲህ ቢሆንስ?» ማለት ሲጀምር ትምህርቱ ያለቀ መስሏቸው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ።

ሦስተኛው እንቅፋት የቋንቋ ነው። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ተማሪው የደንቡን ዐረፍተ ነገር መምህሩ እንዳለው ቃል በቃል ይጽፈዋል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው በራሱ ቃል ሊለውጠው ስለማይችል ስፋቱን መመዘን አይሆንለትም። ደንቡን በመጀመሪያ በአማርኛ ወይም በሚያስብበት ሌላ ቋንቋ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ እንዲያሰፍረው ማድረግ ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ተማሪው ደንቡን ያልተረዳው መሆኑ በዚያው ቀን ይገለጥለታል እንጂ እስከ ፈተና አይቆይም።

5. የሕግ መጽሐፍ ባለበት አገር

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ሥርዓት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ክፍል ሊገባ ይችላል ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል አሜሪካዊ ነበሩ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። ሊያስተምሩት የመጡት ሕግ ግን በውሳኔ ክምችት የተሠራ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተዘጋጀ፣ ደንቡን በአንቀጽ ቆጥሮ የሚሰጥ ሕግ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አገር ደንቡ ከጉዳዩ ውስጥ አይፈለቀቅም፤ አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃል። የአገራችን ነባር ትምህርትም ቢሆን ፍትሐ ነገሥትን ሲያስተምር ከንባቡ ተነሥቶ ወደ ትርጓሜው ይሄዳል እንጂ ከታሪክ ተነሥቶ ንባብን አይፈልግም።

የእጅ እልፊትን ምሳሌ እንቀጥል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2038 ማንም ሰው አስቦ የሌላውን ሰው አካል ያለ ፈቃዱ ከነካ ጥፋት እንደሚሆንበት ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 2039 ደግሞ ጥፋት የማይሆንባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከነዚህም አንዱ ተከሳሹ ተበዳዩ ድርጊቱን እንደሚቃወም በሚገባ ሊያስበው የማይችል በሆነ ጊዜ ነው። የዊስኮንሲን ዳኞች ስለ መጫወቻ ሜዳ ያነሡት ሐሳብ እኛ ዘንድ በአንቀጽ ቁጥር ተጽፎ የሚገኝ ነው ማለት ይቻላል።

በመሆኑም የኢትዮጵያ ሕግ ተማሪ ማስታወሻውን ገና ከመጀመሪያው «አንቀጽ፣ ጉዳይ፣ ጥያቄ» በሚል ቅደም ተከተል ቢይዝ ይሻለዋል። አስተዋጽኦው የሕጉን ክፍልና አንቀጽ ይከተላል፤ መገልበጥ የሚባለው ሥራ በከፊል ይቀልለታል። የቮስበርግ ጉዳይ በአንቀጽ 2038 ሥር እንደ ማነጻጸሪያ ምሳሌ፣ የሜዳው ጥያቄ በአንቀጽ 2039 ሥር እንደ ዳርቻ ሊገባ ይችላል። የካሣውን ስፋት በተመለከተ ግን የሕጉን የራሱን ስለ ካሣ የተጻፉ አንቀጾች ማንበብ እንጂ የዊስኮንሲንን ደንብ ማስገባት አይገባም። ሥርዓቱን ሳይገለብጡ የተቀበሉ ተማሪዎች የሚደርስባቸው ጉዳትም ይኸው ነው፤ አስተዋጽኦአቸው በባዕድ ጉዳዮች ይሞላና አንቀጹ ራሱ ይጠፋል።

ሆኖም የጉዳዩ ዓምድ በአገራችን ባዶ ሊቀር ይችላል ማለት አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በሌሎች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ሆኗል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ አጽንቷል። ከዚህ የተነሣ አንቀጹን ብቻ የያዘ አስተዋጽኦ ዛሬ ጎደሎ ነው። የሰበር ውሳኔ ከአንቀጹ ሥር ይገባል፤ የአንቀጹን ቃል ያሰፋ ወይም ያጠበበ ከሆነም ደንቡ እንደገና መጻፍ አለበት። ጉዳዩ ምሳሌ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ደንቡን የሚያርም የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ከሕግ ውጭ ስላሉት የትምህርት ዓይነቶች አንድ ቃል እንጨምር። ሥርዓቱ ከተጨባጭ ጉዳይ ተነሥቶ ወደ ደንብ በሚሄድ ትምህርት፣ ለምሳሌ በሕክምና የበሽተኛ ታሪክ ጥናት፣ ሊረዳ ይችላል። የታሪክ መምህር ስለ አንድ ዘመን ሲተርክ ግን ተማሪውን ደንብ እንዲያወጣ ማስገደድ ያልተባለውን እንዲፈጥር ማድረግ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተገለጸው የሚከተሉት ሐሳቦች ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ገጽ ይመደብ፤ የጥያቄው ዓምድም ከገጹ ሲሶ ያላነሰ ቦታ ይኑረው። ቦታ ያልተተወለት ጥያቄ አይጻፍም።

ሁለተኛ፣ መምህሩ ታሪኩን ሲለውጥ ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ይጻፈው። ተማሪው ብዕሩን የሚያስቀምጠው በዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ የሰሌዳው ጽሑፍ ትምህርቱ ገና እንዳላለቀ ያስታውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ግልበጣው እስከ ፈተና ሳይቆይ አንድ ርዕስ ባለቀበት ሳምንት ይከናወን። ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ ተማሪው የሚያስታውሰው በዚያን ጊዜ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ በገጹ ላይ የሚያገኘው ፍቺው የጠፋበት ዐረፍተ ነገር ይሆናል።

አራተኛ፣ መምህር ሊመረምር የሚገባው ደብተሩን ሳይሆን የአስተዋጽኦውን አንድ ገጽ ነው። ርዕሶቹ የጉዳዮች ስም ከሆኑ ተማሪው ገና በመጀመሪያው ትርጉም እየገለበጠ ነው። ከደንቡ ሥር አንድም ዳርቻ ካልተመለከተ የደንቡ ስፋት አልተመዘነም። ርዕሶቹ ደንቦች ሆነው አንዱ ጉዳይ በተለያዩ ቦታዎች ተከፋፍሎ ከተገኘ ግን ተማሪው ሥራውን ሠርቷል፤ ስለ ጠመኔውም ቢጠየቅ መልስ አያጣም።